የተረፈው ገንዘብ ይቀመጥ፣ ይከፋፈል ወይስ አክሲዮን ይገዛበት?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ድርጅት የዓመት ሂሳብ ረቂቅ እንዳይ ተሰጠኝ። ድርጅቱ በዓመቱ ውስጥ የራሱን አክሲዮኖች ከገበያ ገዝቷል። ሂሳቡን የሠራው ልጅ ጎበዝ ነው። ግን የተገዛውን አክሲዮን «ኢንቨስትመንት» ከሚለው ረድፍ ላይ አስቀምጦታል። ዓመቱ ሲያልቅ የአክሲዮኑ ዋጋ ጨምሮ ስለነበር ደግሞ ልዩነቱን ትርፍ ብሎ መዝግቦታል።

የሚገርመው፣ ሂሳቡ ሚዛኑን ጠብቋል። ግራና ቀኙ እስከ ሳንቲም ይገጥማል። ጥሬ ገንዘብ ቀነሰ፣ ኢንቨስትመንት ጨመረ፣ አለቀ። እንዲህ ያለ ስህተት ሳይታይ ሊያልፍ የሚችለውም ለዚህ ነው፤ ድምሩ አያጋልጠውም።

ልጁን ለማስረዳት ቁጭ ስንል ጥያቄው ሰፋ። ድርጅቱ ያን ገንዘብ ባንክ ቢተወው ምን ይሆን ነበር? ለባለአክሲዮኖች ቢያከፋፍለውስ? ከሦስቱ የትኛው ይሻላል? እዚህ የምጽፈው ያን ቀን በወረቀት ላይ የሠራነውን ዓይነት ስሌት ነው፤ ቁጥሮቹን ብቻ ለማስላት እንዲቀሉ አድርጌ ቀይሬያቸዋለሁ።

ድርጅቱን እንወቀው

አንድ ድርጅት አለ እንበል። 10 ሚሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብ አለው። ሕንፃው፣ ማሽኑና ሌላው ንብረቱ 30 ሚሊዮን ነው። ጠቅላላ ሀብቱ ስለዚህ 40 ሚሊዮን ነው። ዕዳው 10 ሚሊዮን። የቀረው 30 ሚሊዮን የባለቤቶቹ ነው። ይህን የባለቤቶች ሀብት ከዚህ በኋላ የሂሳብ ሰዎች በሚሉት ስም ኢኩዊቲ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ድርጅቱ 1,000,000 አክሲዮኖች አሉት። ገበያ ላይ አንዱ አክሲዮን 50 ዶላር ይሸጣል። የዓመት የተጣራ ትርፉ 4 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ የአንድ አክሲዮን ትርፍ 4 ዶላር ይሆናል።

አሁን ድርጅቱ ለሥራው የማያስፈልገው 5 ሚሊዮን ዶላር አለው። ባንክ ውስጥ ተቀምጦ 4 በመቶ ወለድ ያመጣል። ግብሩ 25 በመቶ ነው እንበል። ከግብር በኋላ 3 በመቶ፣ ማለትም በዓመት 150,000 ዶላር ይቀራል። ይህ 150,000 ከላይ ባልነው 4 ሚሊዮን ትርፍ ውስጥ አለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱን ስለሚረሳ ነውና እንያዘው።

ምርጫዎቹ አራት ናቸው። ገንዘቡን ባለበት መተው። ለእያንዳንዱ አክሲዮን 5 ዶላር የትርፍ ድርሻ መክፈል። በ50 ዶላር ሒሳብ 100,000 የራስን አክሲዮን መግዛት። ወይም ጥሬ ገንዘቡን ሳይነኩ 5 ሚሊዮን በ6 በመቶ ተበድሮ መግዛት። በመጀመሪያ ውጤቱን ጎን ለጎን እንየው። ጥሬ ገንዘቡ፣ ዕዳውና ኢኩዊቲው ውሳኔው በተፈጸመ ማግስት ያለው ነው፤ ትርፉ የሚቀጥለው ሙሉ ዓመት ነው።

| | መተው | ማከፋፈል | መግዛት | ተበድሮ መግዛት |
|---|---|---|---|---|
| ጥሬ ገንዘብ (ሚሊዮን) | 10 | 5 | 5 | 10 |
| ዕዳ (ሚሊዮን) | 10 | 10 | 10 | 15 |
| ኢኩዊቲ (ሚሊዮን) | 30 | 25 | 25 | 25 |
| በሰው እጅ ያሉ አክሲዮኖች | 1,000,000 | 1,000,000 | 900,000 | 900,000 |
| የዓመቱ ትርፍ (ሚሊዮን) | 4.00 | 3.85 | 3.85 | 3.775 |
| የአንድ አክሲዮን ትርፍ (ዶላር) | 4.00 | 3.85 | 4.28 | 4.19 |

መካከለኞቹን ሁለት ዓምዶች እዩልኝ

ማከፋፈልና መግዛት በጥሬ ገንዘብ፣ በዕዳ፣ በኢኩዊቲና በትርፍ አንድ ናቸው። የሚለያዩት በአክሲዮኖቹ ብዛት ብቻ ነው። ይህ በአጋጣሚ አይደለም። ሁለቱም ገንዘብን ከድርጅቱ አውጥቶ ለባለቤቶች መስጠት ናቸው። አንደኛው ለሁሉም እኩል ያድላል። ሁለተኛው መውጣት ለፈለገው ይከፍልና ያሰናብተዋል።

10,000 አክሲዮን ያለውን ሰው እንውሰድ። ከውሳኔው በፊት ሀብቱ 500,000 ዶላር ነው። ድርጅቱ ካከፋፈለ 50,000 ጥሬ ገንዘብ ይደርሰዋል። 5 ሚሊዮን ስለወጣ ግን የድርጅቱ ዋጋ ከ50 ወደ 45 ሚሊዮን ይወርዳል፤ አክሲዮኑም ወደ 45 ዶላር። ስለዚህ 450,000 በአክሲዮን፣ 50,000 በኪሱ። ድምሩ ያው 500,000።

ድርጅቱ ከገዛና ሰውየው ካልሸጠስ? ድርጅቱ አሁንም 45 ሚሊዮን ያወጣል። ግን የሚካፈሉት 900,000 አክሲዮኖች ናቸው። አንዱ 50 ዶላር ይሆናል። የሰውየው ሀብት አሁንም 500,000 ነው። ድርሻው ከ1 በመቶ ወደ 1.11 በመቶ አድጓል፤ ግን ያደገው ካነሰ ድርጅት ላይ ነው።

ታዲያ የአንድ አክሲዮን ትርፍ በአንዱ 3.85፣ በሌላው 4.28 መሆኑ ምን ትርጉም አለው? 45 ዶላርን ለ3.85 አካፍሉ። 50 ዶላርን ለ4.28 አካፍሉ። ሁለቱም 11.7 ገደማ ይመጣሉ። ገበያው ለአንድ ዶላር ትርፍ የሚከፍለው ዋጋ እኩል ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ያደገው ዳቦው ስላደገ ሳይሆን የተቆረሰበት ብዛት ስላነሰ ነው።

ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ውጭ ባሉ ነገሮች ነው። አንዱ ግብር ነው። የትርፍ ድርሻ ላይ ባለአክሲዮኑ ወዲያው ግብር ይከፍላል። ድርጅቱ ከገዛ ግን ያልሸጠው ሰው እስኪሸጥ ድረስ አይነካም። አሜሪካ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ በገበያ የሚሸጡ ድርጅቶች በሚገዙት የራሳቸው አክሲዮን ላይ 1 በመቶ ግብር መጣሏ ይህን ክፍተት በጥቂቱ ያጠበዋል፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሌላው ልማድ ነው። በየዓመቱ የሚከፈል የትርፍ ድርሻ ሲቋረጥ ባለአክሲዮን ይቆጣል። አክሲዮን መግዛት ሲቆም ግን ብዙ ሰው ልብም አይልም። ገቢው ከፍ ዝቅ የሚል ድርጅት ግዢን የሚመርጠው አንዳንዴ በዚህ ብቻ ነው።

ለምን 4.44 ሳይሆን 4.28?

ቸኩሎ የሚያሰላ ሰው 4 ሚሊዮንን ለ900,000 ያካፍልና 4.44 ይላል። የ11 በመቶ ዕድገት! ግን ያ 5 ሚሊዮን ባንክ ሆኖ ያመጣ የነበረው 150,000 የለም። ትርፉ 3.85 ሚሊዮን ነው። ትክክለኛው ዕድገት 7 በመቶ ገደማ ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ማነጻጸሪያ ይወጣል። የአንድ አክሲዮን ትርፍን ለአክሲዮኑ ዋጋ አካፍሉ፦ 4 ለ50፣ ማለትም 8 በመቶ። ከዚያ ገንዘቡ ባለበት የሚያመጣውን፣ ከግብር በኋላ፣ ተመልከቱ፦ 3 በመቶ። የመጀመሪያው ከበለጠ የአንድ አክሲዮን ትርፍ ይጨምራል። ካነሰ ይቀንሳል። በብድር ከሆነ በ3 ፋንታ የብድሩን ወለድ ከግብር በኋላ ትወስዳላችሁ። በእኛ ምሳሌ 6 በመቶ ብድር ከ25 በመቶ ግብር በኋላ 4.5 በመቶ ነው። አሁንም ከ8 ያንሳል። ለዚህ ነው ተበድሮ መግዛትም የአንድ አክሲዮን ትርፍን ወደ 4.19 ከፍ ያደረገው። በዚያው ልክ ግን ዕዳው ከኢኩዊቲው አንድ ሦስተኛ የነበረው ወደ 60 በመቶ ዘሏል። ይህን የሚያሳይ ረድፍ የአንድ አክሲዮን ትርፍ ውስጥ የለም።

ሲወደድ ምን እንደሚሆን ደግሞ እንይ። ያው ድርጅት፣ ያው ትርፍ፣ ግን አክሲዮኑ 160 ዶላር ነው እንበል። 5 ሚሊዮኑ 31,250 አክሲዮን ብቻ ይገዛል። የሚቀሩት 968,750 ናቸው። 3.85 ሚሊዮን ለእነሱ ሲካፈል 3.97 ይሆናል። ገዝቶም ከ4 ዶላር በታች ወረደ።

ጊዜም አለ። የአንድ አክሲዮን ትርፍ የሚካፈለው በዓመቱ መጨረሻ ላለው ብዛት አይደለም። በዓመቱ ውስጥ በነበሩት ወራት ተመዝኖ ለሚገኘው አማካይ ነው። ድርጅቱ 100,000ውን በዓመቱ አጋማሽ ላይ ከገዛ አካፋዩ 950,000 ይሆናል፤ የጠፋው ወለድም ግማሹ ነው። 3.925 ሚሊዮን ለ950,000፣ 4.13 ዶላር። በመጨረሻው ወር የተገዛ አክሲዮን የዚያን ዓመት ቁጥር ብዙም አያነቃንቀውም። ጥቅሙም ጉዳቱም የሚታየው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ስታነጻጽሩ ይህን ካልያዛችሁ ሥራው የተሻሻለ ይመስላችኋል።

ትርፉ ጨምሮ ባለአክሲዮኑ ሊከስር ይችላል

ከሁሉም በላይ ለእኔ ክብደት ያለው ይሄኛው ነው።

አክሲዮኑ ገበያ ላይ 50 ቢሆንም እውነተኛ ዋጋው 40 ነው እንበል። የድርጅቱ ትክክለኛ ዋጋ 40 ሚሊዮን ነው ማለት ነው። 5 ሚሊዮን አውጥቶ 100,000 ገዛ። 35 ሚሊዮን ቀረ። ለ900,000 ሲካፈል 38.89 ዶላር ነው። ያልሸጠው ሰው በአንድ አክሲዮን 1.11 ዶላር አጣ። ወዴት ሄደ? 40 ዶላር የሚያወጣውን ዕቃ 50 ተከፍሎት ለወጣው ሰው።

የአንድ አክሲዮን ትርፍ ግን አሁንም 4.28 ነው። ቁጥሩ ስለ ኪሳራው አንዲት ቃል አይተነፍስም። እውነተኛው ዋጋ 60 ቢሆን ኖሮ ተቃራኒው ይሆን ነበር፦ 55 ሚሊዮን ለ900,000፣ 61.11 ዶላር። የቀረው ሰው ያተርፋል።

ስለዚህ መግዛትን ከማከፋፈል የሚያስመርጠው ዋናው ነገር ዋጋ ነው። አክሲዮኑ በርካሽ የሚሸጥ ከሆነ ግዢ ይሻላል። ውድ ከሆነ የትርፍ ድርሻ ይሻላል፤ የትርፍ ድርሻ ከአንዱ ባለአክሲዮን ወስዶ ለሌላው አይሰጥም። ለማወቅ የሚከብደው እውነተኛው ዋጋ ስንት ነው የሚለው ነው። ድርጅቶች ደግሞ ብዙ የሚገዙት ገንዘብ ሲትረፈረፍላቸው ነው። ገንዘብ የሚትረፈረፈው ሥራው ሲደራ ነው። ሥራው ሲደራ አክሲዮኑም ይወደዳል። ሥራ አስኪያጁ ጉርሻ የሚያገኘው በአንድ አክሲዮን ትርፍ ተለክቶ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬዬ እጥፍ ነው።

የተገዛው አክሲዮን የት ገባ?

አሁን ወደ ልጁ ረቂቅ እንመለስ። ድርጅቱ ገዝቶ ያልሰረዘው፣ በእጁ ያቆየው የራሱ አክሲዮን ትሬዠሪ አክሲዮን ይባላል። ልጁ ያነሳው ክርክር ቀላል አልነበረም። «የሌላ ድርጅት አክሲዮን ብንገዛ ሀብት ነው። ነገ ገበያ ወስደን ልንሸጠው እንችላለን። የራሳችንም ነገ ይሸጣል። ለምን ሀብት አይሆንም?»

እስቲ ድርጅቱ ነገ ይዘጋ አልኩት። ሕንፃና ማሽኑ 30 ሚሊዮን ተሸጠ። ጥሬ ገንዘቡ 5 ሚሊዮን። ዕዳው 10 ሚሊዮን ተከፈለ። 25 ሚሊዮን ተረፈ፤ ለ900,000ዎቹ አክሲዮኖች ይካፈላል። ካዝና ውስጥ ያሉት 100,000 ምን ያመጣሉ? ምንም። ከማን ይመጣል? አክሲዮን ማለት ከዚህ ድርጅት ሀብት ላይ የሚጠየቅ ድርሻ ነው። ድርጅቱ ራሱን ሊጠይቅ አይችልም። እንደ ልጁ አመዘጋገብ ግን ሀብቱ 40 ሚሊዮን፣ ኢኩዊቲው 30 ሚሊዮን ነበር። 5 ሚሊዮኑ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ገንዘብ ነው። አበዳሪ ይህን አይቶ ቢያበድር የተማመነው በባዶ ኪስ ነው።

ጥጉ ድረስ ብትወስዱት ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ድርጅቱ አክሲዮኖቹን በሙሉ ገዛ እንበል። አሁን የማን ነው? የራሱ? ሰው የራሱን ዕዳ ወረቀት መልሶ ሲገዛ ዕዳው ይጠፋል እንጂ ሀብታም አይሆንም። እዚህም እንዲሁ ነው። እነዚያ አክሲዮኖች ድምፅ አይሰጡም፣ የትርፍ ድርሻም አይከፈላቸውም፤ የአንድ አክሲዮን ትርፍ ሲሰላም አይቆጠሩም።

«ነገ ይሸጣል» የሚለው ይቀራል። እውነት ነው፣ ሊሸጥ ይችላል። ግን ድርጅቱ እንዲያወጣ የተፈቀደለትን፣ ግን እስካሁን ያላወጣውን አዲስ አክሲዮንም ነገ ሊሸጥ ይችላል። ያንን ሀብት ብሎ የሚመዘግብ የለም። ትሬዠሪ አክሲዮን መሸጥ ከባለቤቶች አዲስ ገንዘብ መቀበል ነው። እዚህ ላይ ልጁ ፈገግ አለ። ነገሩ የገባው ያኔ ይመስለኛል።

ዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ፣ አይ ኤ ኤስ 32፣ ይህንኑ ይላል። የራስ አክሲዮን ሲገዛ ከኢኩዊቲ ይቀነሳል። ሲገዛም፣ ሲሸጥም፣ ሲሰረዝም በትርፍና ኪሳራ መግለጫ ላይ ምንም አይታይም። የአሜሪካ ደንብም እዚህ ላይ አይለይም። በእኛ ምሳሌ አመዘጋገቡ ሁለት መስመር ነው፦ ትሬዠሪ አክሲዮን ዴቢት 5 ሚሊዮን፣ ጥሬ ገንዘብ ክሬዲት 5 ሚሊዮን። የዴቢቱ መስመር ግን የሚቀመጠው ሀብት ዘንድ ሳይሆን ኢኩዊቲ ዘንድ ነው፣ በተቀናሽነት። ዴቢት ሁሉ ሀብት ወይም ወጪ ይመስለን ስለነበር አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንወድቀው እዚሁ ነው።

በኋላ ድርጅቱ እነዚያን 100,000 በ70 ዶላር ቢሸጥ 7 ሚሊዮን ይቀበላል። 5 ሚሊዮኑ ተቀናሹን ያጠፋል። የቀረው 2 ሚሊዮን ትርፍ አይደለም፤ ባለቤቶች ያዋጡት ተጨማሪ ካፒታል ነው። በ40 ቢሸጥም የ1 ሚሊዮኑ ጉድለት በቀጥታ ከኢኩዊቲ ይቀነሳል እንጂ የዓመቱን ትርፍ አይነካም። ደንቡ እንዲህ ባይሆን ድርጅት በራሱ አክሲዮን እየነገደ ትርፍ ባስመዘገበ ነበር። ስለ ራሱ ከማንም በፊት የሚያውቀው ደግሞ እሱው ነው።

ይሰረዝ ወይስ ይቆይ?

ከግዢ በኋላ አንድ ትንሽ ምርጫ ይቀራል። አክሲዮኑን መሰረዝ ወይም በትሬዠሪ ማቆየት። ለኢኩዊቲ ድምር ለውጥ የለውም፤ በሁለቱም 25 ሚሊዮን ነው። የአንድ አክሲዮን ትርፍም ያው ነው። የሚለየው መልኩ ነው።

ድርጅታችን ኢኩዊቲው ከምን እንደተሠራ እንይ። በእያንዳንዱ አክሲዮን 1 ዶላር የተመዘገበ ዋጋ፣ 1 ሚሊዮን። ከዚያ በላይ ባለቤቶች የከፈሉት፣ 9 ሚሊዮን። ያልተከፋፈለ ትርፍ፣ 20 ሚሊዮን። አክሲዮኑን ካቆየ እነዚህ ሦስቱ አይነኩም፤ ከሥራቸው «ትሬዠሪ አክሲዮን፣ ሲቀነስ 5 ሚሊዮን» የሚል መስመር ይገባል። ከሰረዘ ግን መስመሩ የለም። በተለመደው አሠራር 100,000 ከተመዘገበው ዋጋ፣ 900,000 ከተጨማሪው ካፒታል፣ 4 ሚሊዮን ካልተከፋፈለው ትርፍ ይቀነሳል።

ይህ አንባቢን ያሳስታል። አፕል የሚገዛውን ይሰርዛል፤ ስለዚህ ትሬዠሪ አክሲዮን የሚል መስመር የለውም። በ2024 የበጀት ዓመቱ ወደ 95 ቢሊዮን ዶላር ለግዢ አውጥቷል፤ ይህ ከዓመቱ የተጣራ ትርፍ ትንሽ ይበልጣል። በ2013 ወደ 124 ቢሊዮን የነበረው ኢኩዊቲው በ2024 ወደ 57 ቢሊዮን ወርዷል፣ በየዓመቱ እያተረፈ። ማክዶናልድስ ደግሞ ያቆያል። በ2023 መጨረሻ የትሬዠሪ አክሲዮን መስመሩ ከ70 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተቀናሽ ያሳያል፤ ኢኩዊቲውም ከዜሮ በታች ነው። ከ2016 ጀምሮ እንዲሁ ነው። ይህን ያየ ሰው ከሰረ ሊል ይችላል። አልከሰረም። ያተረፈውንና የተበደረውን ለባለአክሲዮኖች ስለመለሰ ነው። የእነዚህን ሁለት ድርጅቶች ትርፍ ለኢኩዊቲ ማካፈልም ብዙ አይጠቅምም። በእኛ ምሳሌ እንኳ ሥራው ምንም ሳይሻሻል ይህ መለኪያ ከ13.3 በመቶ ወደ 15.4 ወጥቷል፤ አካፋዩ ስላነሰ።

ምርጫውን አንዳንዴ ሕጉ ይወስነዋል። ካሊፎርኒያ ትሬዠሪ አክሲዮን የሚባል ነገር አታውቅም፤ የተገዛው እንዳልወጣ ይቆጠራል። ብሪታንያ ማቆየትን የፈቀደችው በ2003 መጨረሻ ነው። ጀርመን ውስጥ ድርጅቱ በእጁ የሚይዘው በመርህ ደረጃ ከካፒታሉ 10 በመቶ አይበልጥም። የእነዚህ ሁሉ ገደቦች ምክንያት አበዳሪው ነው። ገንዘቡ ለባለቤቶች ሲወጣ እሱ የተማመነበት ትራስ ይሳሳል። ያኔ የብሪታንያ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት በ1887 ድርጅት የራሱን አክሲዮን ጭራሽ እንዳይገዛ የወሰነውም በዚሁ ሐሳብ ነበር።

ሕጉ ከፈቀደ፣ ለሠራተኞች አክሲዮን የሚሰጥ ድርጅት ማቆየትን ይመርጣል። አዲስ ከማውጣት ይልቅ ከካዝናው ያወጣል። ግን በዚሁ በር አንድ ነገር ይሾልካል። ድርጅታችን 100,000 በ50 ዶላር ገዛ። በዚያው ዓመት ቀድሞ ቃል በገባው መሠረት 80,000 አክሲዮኖችን ለሠራተኞቹ በ20 ዶላር ሸጠ። 5 ሚሊዮን ወጣ፣ 1.6 ሚሊዮን ገባ። የተጣራ ወጪ 3.4 ሚሊዮን። አክሲዮኖቹ ግን የቀነሱት በ20,000 ብቻ ነው። እያንዳንዱን ለመቀነስ 170 ዶላር ወጣ፣ ገበያ ላይ 50 ለሚሸጥ። ዜናው «5 ሚሊዮን ዶላር ለባለአክሲዮኖች ተመለሰ» ነው የሚለው። በእውነቱ ግን ከተጣራው ወጪ አብዛኛው የሠራተኛ ክፍያ ነበር።

ይህን ለመያዝ ሁለት ቦታ ማየት ይበቃል። በገንዘብ ፍሰት መግለጫው ላይ፣ የፋይናንስ እንቅስቃሴ በሚለው ክፍል፣ ለግዢ የወጣውን ገንዘብ ውሰዱ። ከዚያ በሰው እጅ ያሉትን አክሲዮኖች ብዛት፣ ያምናና የዘንድሮ፣ አነጻጽሩ። የወጣው ገንዘብ በአማካይ ዋጋ ሲካፈል የሚያሳየው ቅናሽና በእውነት የታየው ቅናሽ ካልተቀራረቡ፣ አክሲዮን በሌላ በር እየወጣ ነው። ቦርዱ «ይህን ያህል እንድንገዛ ተፈቅዷል» ማለቱን ደግሞ አትቁጠሩት። ፈቃድ ጥሬ ገንዘብ አያንቀሳቅስም፣ ኢኩዊቲም አይነካም፤ ሳይገዛ የሚቀርም አለ።